ቼክ መብራት በርቶ ሚስፋየር ኮድ ሲያወጣ፦ ካንዴላ ነው፣ ኮይል ነው ወይስ ኢንጀክተር?

"ቼክ በርቶብኛል፣ ኮዱ P0303 ይላል፣ ካንዴላ ልቀይር ወይስ ኮይል?" ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ቁጥሩ ብቻ ይለያያል፤ አንዱ P0301 ይልካል፣ ሌላው P0304። መልሴ ግን ሁሌም ያው ነው፤ ምንም አትግዙ፣ መጀመሪያ ቦታ አቀያይሩ። እንዴት እንደሆነ በየጊዜው ከማብራራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የምናገረው ብዙዎቻችሁ ስለያዛችሁት ዓይነት መኪና ነው። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፤ ማለትም አራት ሲሊንደር ያለው፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ በእያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የራሱ ኮይል የተቀመጠለት ቶዮታ። እንዲህ ዓይነት ኮይል ያለው ሌላ መኪና ከሆነ የቁልፍ ቁጥሩና የካንዴላው ጫፍ ክፍተት ይለያይ ይሆናል እንጂ አካሄዱ አይለወጥም።

ኮዱ የሚነግራችሁና የማይነግራችሁ

ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ በትክክል ሲቃጠል የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱን፣ ይገፋዋል። ሳይቃጠል ሲቀር ግን፣ ሚስፋየር የሚባለው ይህ ነው፣ ክራንክ ሻፍቱ ለቅጽበት ፍጥነቱ ይቀንሳል። የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ቅናሽ በሴንሰር ያየዋል፤ የማን ተራ እንደነበርም ያውቃል። ስለዚህ "3ኛው ሲሊንደር አልገፋም" ብሎ P0303 ይጽፋል። የመጨረሻው ቁጥር ሲሊንደሩ ነው። ለምን አልገፋም ለሚለው ግን መልስ የለውም። እሳት አጥቶ ይሁን፣ ቤንዚን አጥቶ ይሁን፣ ቫልቩ አልዘጋ ብሎ ይሁን፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። መካኒኩ ኮዱን አይቶ ወዲያው "ካንዴላ ነው" ካላችሁ እየገመተ ነው። ብዙ ጊዜ ግምቱ ሊሳካለት ይችላል፤ ሳይሳካ ሲቀር የሚከፍለው ግን የእናንተ ኪስ ነው።

P0300 ካወጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ "የተለያዩ ሲሊንደሮች ላይ ነው" ማለት ነው። በተለይ ቤንዚን ከአየሩ ማነሱን የሚናገረው P0171 አብሮት ካለ፣ አንድ ኮይል ላይ ከመፍረድ በፊት የተሰነጠቀ የአየር ጎማ ወይም የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ፈልጉ። ይህ መመሪያ የሚያገለግለው ቁጥሩ አንድ ሲሊንደር ላይ ለቆመላችሁ ነው።

መጀመሪያ እነዚህን አንብቡ

መብራቱ ዝም ብሎ ከበራ ቀስ ብላችሁ እስከ ቤት መንዳት ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነዳጅ መስጫውን ለቀቅ አድርጉ፣ ካላቆመም ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ብልጭታው ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው ማለት ነው። እዚያ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ቤንዚኑን ውስጡ ሲያቃጥለው ከመጠን በላይ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ችግራችሁ ካንዴላ መሆኑ ያበቃል።

ሞተሩ እየሠራ ኮይልም ሶኬቱንም አትንቀሉ። አንዳንድ መካኒክ እንዲያ ሲያደርግ አይታችሁ ይሆናል። ከኮይል የሚወጣው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ኮይሉ ከካንዴላው ተነቅሎ መውጫ ካጣ በእናንተ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ሲሊንደሩም ያለ እሳት ቤንዚን መቀበሉን ይቀጥላል።

ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ካንዴላው የሚታሰርበት ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ በጋለ ሞተር ላይ ካንዴላ ስትታገሉ ጥርሱን ይዞት ሊወጣ ይችላል።

ኢንጀክተር የምትነኩ ከሆነ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። ሲጋራ የሚያጨስ ወዳጅም ካለ ራቅ ይበል።

የሚያስፈልጋችሁ

- ኮድ የሚያነብና የሚያጠፋ ስካነር። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ትንሹ ይበቃል፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ ቪትዞች ግን በርካሹ አይነበቡም፣ ያኔ ከጋራዥ መዋስ ነው
- 10 ቁጥር ቡሶላ፣ ለኮይሉ ብሎን
- 16 ቁጥር የካንዴላ ቡሶላ፣ ውስጡ ካንዴላውን የሚይዝ ጎማ ወይም ማግኔት ያለው፣ ከረጅም ማስረዘሚያ ጋር
- የክፍተት መለኪያ ቅጠል
- ቴስተር
- ረጅም ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ማርከር፣ ንጹሕ ጨርቅ
- የተጨመቀ አየር። ከሌላችሁ የብስክሌት መንፊያም ያገለግላል
- ቶርክ ቁልፍ ካገኛችሁ መልካም፣ ካላገኛችሁም መላ አለው

አዲስ ካንዴላና አዲስ ኮይል ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ገና ናችሁ።

አሠራሩ

1. ኮዱን ሳታጠፉ ጻፉት። የሁሉንም ኮድ ፎቶ አንሡ። ስካነሩ ኮዱ በወጣበት ሰዓት የነበረውን ሁኔታ የሚያሳይ ከሆነ እሱንም ያዙት፤ የሞተሩ ሙቀት ስንት ነበር፣ ዙሩ ስንት ነበር፣ ሞተሩ ጭነት ነበረበት ወይስ ሚኒሞ ላይ ነበር። ኮዱን ስታጠፉ ይህ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ ሲግል ብቻ የሚመጣ ሚስፋየር ወደ ኮይል ያዘነብላል፣ ጠዋት በቀዝቃዛው መጥቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ደግሞ ወደ ኢንጀክተር ወይም ወደ ቫልቭ። ማረጋገጫ አይሆናችሁም፣ ግን የት እንደምትጀምሩ ይጠቁማችኋል።

P0351 እስከ P0354 ካለ ኮምፒውተሩ በቀጥታ የኮይሉን መስመር እየከሰሰ ነው። P0201 እስከ P0204 ካለ የኢንጀክተሩን። ያኔ መጀመሪያ ሶኬቱንና ሽቦውን እዩ። በአይጥ የተበላ ሽቦ ስንቴ አይቻለሁ መሰላችሁ።

2. ሲሊንደሮቹን ቁጠሩ። 1ኛው ቺንጋው ባለበት በኩል ያለው ነው። ከእሱ ቀጥሎ 2፣ 3፣ 4። ከመኪናው ፊት ቆማችሁ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ጽሑፍ አትቁጠሩ፤ ቺንጋውን ፈልጉ። እዚህ ላይ ከተሳሳታችሁ ቀሪው ሥራ በሙሉ የተሳሳተ ሲሊንደር ላይ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት በእያንዳንዱ ኮይል ጀርባ ላይ ቁጥሩን በማርከር ጻፉ። አራቱ ኮይሎች መንታ ናቸው፤ ከተቀላቀሉ መለያ የላችሁም።

በአንዳንዱ መኪና የአየር ማጣሪያው ሳጥን ኮይሎቹ ላይ ይተኛል። እሱን መጀመሪያ አንሡ፤ ያነሣችሁት ጎማ በኋላ በደንብ መመለሱን አትርሱ። አየር ካሳለፈ ሌላ ኮድ ፈጠራችሁ ማለት ነው።

3. የተከሰሰውን ኮይል አውጡና ጉድጓዱን እዩ። ቁልፉን አጥፉ። የሶኬቱን መያዣ ተጭናችሁ ሳቡት፤ በሽቦው አትጎትቱ። የቆየ ፕላስቲክ ነው፣ ትንሽ ጉልበት ከበዛበት መያዣው ይሰበራል፣ ከዚያ ሶኬቱ እየላላ ራሱ ሚስፋየር ያመጣል። 10 ቁጥሩን ብሎን ፍቱ፣ ኮይሉን ትንሽ ግራ ቀኝ አዙራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት።

አሁን በእጅ ባትሪ ጉድጓዱን እዩ። ሦስት ነገር ልታገኙ ትችላላችሁ።

ደረቅ ከሆነ ቀጥሉ።

ውሃ ካለበት፣ ሰሞኑን ላቫጆ ገብታችሁ ሞተሩን አሳጥባችሁ ነበር? ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ሲቀመጥ እሳቱ በካንዴላው ጫፍ ከመዝለል ይልቅ በጎን ወደ ብረቱ ይሸሻል። በአየር ንፉት፣ የኮይሉን ጎማ በጨርቅ አድርቁት፣ መልሳችሁ ሞክሩ። ብዙ "የተበላሸ ኮይል" በዚህ ብቻ ይድናል።

ዘይት ካለበት የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን ወይም የካንዴላው ቀዳዳ ጎማ ለቋል። ይህን ለጊዜው ያዙት፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ብዙ ሰው ኮይል ደጋግሞ የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ኮይሉን ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ። የጽሑፉ ሁሉ እምብርት እዚህ ጋ ነው። ኮዱ P0303 ከሆነ የ3ኛውን ኮይል 2ኛው ላይ፣ የ2ኛውን 3ኛው ላይ አድርጉ። ካንዴላውን አትንኩ። ሌላም ምንም አትንኩ። ኮዱን አጥፉና ንዱ።

ለምን በቴስተር አንለካውም? በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ የኮይሉ ሶኬት አራት ሽቦ አለው፣ የማቀጣጠያው ኤሌክትሮኒክስ ውስጡ ተቀብሯል፣ በኦም ስትለኩት የሚረባ ነገር አይነግራችሁም። በዚያ ላይ ኮይል አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሲግል ነው። ጠረጴዛ ላይ ቀዝቅዞ ሲለካ ደህና ይመስላል። እውነተኛው ፈተና መንገድ ላይ ነው።

አነዳዱም ዝም ብሎ ሰፈር መዞር አይደለም። 15 ወይም 20 ደቂቃ አሙቁት፣ ከዚያ ዳገት ፈልጉ። ሞተሩ ሲጫነው ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ በታመቀ አየር ውስጥ እሳት ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይፈልጋል፣ የደከመው ኮይል እዚያ ላይ ይከዳል። ሚኒሞ ላይ ግን ጸጥ ብሎ ሊያታልላችሁ ይችላል። መብራቱ ብልጭ ማለት ከጀመረ ፈተናው አለቀ፣ ለቀቅ አድርጉ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ መብራቱን የሚያበራው ችግሩን በሁለት ጉዞ ካየው በኋላ ነው። ስለዚህ "መብራቱ አልበራም፣ ተስተካከለ" አትበሉ። ስካነሩ ላይ ፔንዲንግ የሚለውን ክፍል ክፈቱ፤ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ የታየው ኮድ እዚያ ይቀመጣል።

P0302 ካገኛችሁ ችግሩ ከኮይሉ ጋር አብሮ ተዛውሯል። ኮይሉ ነው፣ አለቀ። አሁንም P0303 ካለ ኮይሉ ነጻ ነው፣ ወደ 5 እለፉ። ኮዱ ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ ሶኬቱ ላልቶ ወይም ዝጎ ነበር፣ ስትነቅሉና ስትሰኩ ተስተካከለ ማለት ሊሆን ይችላል። ጥቂት ቀን ንዱና እዩ።

የጎረቤቴን ቪትዝ ልንገራችሁ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጡ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ቼኩ ብልጭ ብልጭ አለ። ጋራዥ ወሰዷት፣ P0303 ወጣ፣ አራቱም ካንዴላ ተቀየረ። ከሁለት ቀን በኋላ ያው። "ጋሼ፣ አዲሱን ካንዴላ ይተዉት፣ ኮይሉን እናዛውር" አልኳቸው። 3ኛውን ወደ 2 አዛወርነው። ግቢ ውስጥ አሥር ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ሠራች፣ ምንም የለም። "አየህ፣ ዳነች" አሉኝ። ዳገቱን ያዝን፣ በሁለተኛ ማርሽ ግማሽ ላይ ስንደርስ መንገጫገጭ ጀመረች። ቆም ብለን ስካነሩን ሰካሁ። ፔንዲንግ ውስጥ P0302 ተቀምጧል። ኮይሉ ተያዘ።

ኮይሉን ሳወጣ ግን ጎማው አብጦ እንደ ማስቲካ ለስልሷል፣ 3ኛው ጉድጓድ ውስጥም ዘይት ቋጥሯል። ጓርኒሲዮኑ ይቀየር አልኳቸው፣ "እሱ ለሌላ ቀን ይደርሳል" አሉ። ከሶማሌ ተራ ደህና ኮይል አምጥተን ገጠምን፣ መኪናዋም ተስተካከለች። ሁለት ወር ሳይሞላ እንደገና P0303። ዘይቱ የኮይሉን ጎማ ይበላዋል፣ ጎማው መከላከሉን ሲያቆም እሳቱ በጎን ያመልጣል፣ ያመለጠው እሳት ደግሞ ኮይሉን ይጨርሰዋል። በሁለተኛው ጊዜ መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑን፣ ከዚያ ኮይሉን ቀየርን። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ያየ ሰው ቅደም ተከተሉን በዚህ ይያዘው።

5. ካንዴላውን አውጡና አንብቡት። ኮይሉ ጥፋተኛ ቢሆንም ይህን አትዝለሉ፤ ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ ኮይሉን ከአቅሙ በላይ እያሠራ ስለሚገድለው፣ አዲሱ ኮይልም ያው ዕጣ ይደርሰዋል።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ጉድጓዱን በአየር ንፉ። ካልነፋችሁ ካንዴላው ሲወጣ አሸዋና አቧራው ሲሊንደር ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ በ16 ቁጥሩ ቡሶላ ፍቱት። አራቱንም አውጥታችሁ በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሯቸው። አንድን ካንዴላ ብቻውን ማንበብ ከባድ ነው፣ ከሦስት ወንድሞቹ ጋር ሲሆን ግን ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ጤነኛ ነው። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸትና የረጠበ ከሆነ ኢንጀክተሩ ሥራውን ሠርቷል፣ የጠፋው እሳቱ ነው። ወደ ኮይልና ካንዴላ ተመለሱ። ከሌሎቹ በተለየ ነጭና ንጹሕ ከሆነ ያ ሲሊንደር ቤንዚን አንሶታል፤ ኢንጀክተሩን ጠርጥሩ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ወይም እሳቱ መድከሙን ያሳያል። ጫፉ በዘይት ከተለበጠ ዘይቱ ከውስጥ፣ ከፒስተን ቀለበት ወይም ከቫልቭ ጎማ እየመጣ ነው፤ ዘይቱ ከላይ በሸክላው በኩል ብቻ ከሆነ ግን ያው የክዳኑ ጓርኒሲዮን ነው። ሁለቱን አታምታቱ፣ የሚያስወጡት ገንዘብ አይገናኝም።

ነጩን ሸክላ ደግሞ ወደ ብርሃን ይዛችሁ እያዞራችሁ እዩት። ከላይ ወደ ታች እንደ እርሳስ የተሰመረ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ እሳቱ በዚያ መስመር እየሸሸ ነበር። ካንዴላው ይጣላል፣ የኮይሉ ጎማ ውስጥም ተመሳሳይ መስመር ፈልጉ። ካለ ጎማውም መቀየር አለበት፤ አለበለዚያ አዲሱን ካንዴላ ያበላሸዋል። ብረቱ አጠገብ ዙሪያውን ያለ ቡናማ ቀለም ግን አያስደንግጣችሁ፣ እሱ ጤነኛ ካንዴላ ላይም አለ።

ክፍተቱን ለኩ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በግልጽ ከሰፋ አራቱንም ቀይሩ። ኢሪዲየም ከሆነ ጫፏ እንደ መርፌ ቀጭን ናትና መለኪያ አስገብታችሁ አትጎልጉሏት፣ ትሰበራለች።

ጥፋቱ በዓይን ካልታየ እንደ ኮይሉ አድርጉ። የ3ኛውን ካንዴላ ከ4ኛው ጋር አቀያይሩ፣ ኮዱን አጥፉ፣ ዳገቱን ውጡ። ወደ P0304 ከተዛወረ ካንዴላው ነው።

6. ካንዴላውን በእጅ ግጠሙ። ቡሶላውን ከነማስረዘሚያው ያዙና ያለ እጀታው፣ በጣቶቻችሁ ብቻ አሽከርክሩ። ጥርሱ በትክክል ከያዘ እየተንሸራተተ ይገባል። ከጠነከረ አውጡና እንደገና ጀምሩ። በእጀታ የተገደደ ካንዴላ የቴስታታውን ጥርስ ይበላል፣ ከዚያ ቴስታታው ለቶርኒቶሪ ይወርዳል።

ቶርክ ቁልፍ ካለ 18 ኒውተን ሜትር ገደማ። ከሌለ፣ አዲስ ካንዴላ በእጅ ከተቀመጠ በኋላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ታጠብቃላችሁ፤ ቀለበቱ ተጨፍልቆ እንዲያሽግ ነው። ያገለገለ ካንዴላ ግን ቀለበቱ ቀድሞ ስለተጨፈለቀ ትንሽ ነካ ማድረግ፣ አንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር ገደማ፣ ይበቃዋል። ጥርሱ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ አትቀቡ፤ ስለሚያንሸራትት ሳታውቁት ከልክ በላይ ታጠብቁታላችሁ።

7. ኢንጀክተሩን አዳምጡ። እዚህ የደረሳችሁ ኮይሉም ካንዴላውም ተዛውረው ኮዱ ግን ከ3ኛው ሲሊንደር አልነቃነቅ ያላችሁ ናችሁ። ሞተሩን አስነሡ። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮአችሁ ላይ አድርጉ። ከቺንጋውና ከፋኑ ግን ሻሽና ፀጉራችሁን አርቁ። ጥርት ያለ ቲክ ቲክ ቲክ መሰማት አለበት። አራቱንም አዳምጡ። አንዱ ዝም ካለ ወይም ድምፁ ከታፈነ እሱን አገኛችሁት።

ዝም ካለ ሞተሩን አጥፉ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሁለቱን እግሮቹን በቴስተር ለኩ። ከ12 እስከ 16 ኦም አካባቢ ትጠብቃላችሁ፤ ከቁጥሩ በላይ ግን ሌሎቹን ሦስቱን ለክቶ ማወዳደር ይሻላል። ሦስቱ 14 ብለው አንዱ ቁጥር ካልሰጠ ውስጡ ተቆርጧል። አራቱም እኩል ከሆኑና አንዱ ብቻ ዝም ካለ ኢንጀክተሩን ትታችሁ ወደ እሱ የሚመጣውን ሽቦ ፈትሹ።

ሌላ ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ተራ በተራ ንቀሉና መልሱ። ጤነኛውን ስትነቅሉ ሞተሩ ይንገዳገዳል። የሞተውን ስትነቅሉ ምንም አይለወጥም። ይህ ከኮይል መንቀል የሚሻለው ቤንዚኑንም ስለሚያቆም ነው። ሲያልቅ የፈጠራችኋቸውን ኮዶች አጥፉ።

ድምፁ ደህና ነው ማለት ግን ኢንጀክተሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ቲክ የሚለው መክፈቱን ነው፤ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚያሳልፍ አይነግራችሁም። ረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ወይም ቆሻሻ ቤንዚን የጠጣ መኪና ቲክ እያለ ጫፉ ግማሽ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ነጩ ካንዴላ ትዝ ይበላችሁ። የዚህ መጨረሻ ማረጋገጫ ወይ ኢንጀክተሩን ማዛወር ወይ አራቱንም አውጥቶ በማሽን ማስለካትና ማሳጠብ ነው።

8. ኢንጀክተር ማውጣት ካለባችሁ። መስመሩ ውስጥ ግፊት ያለው ቤንዚን አለ። የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ ወይም ሪሌ ንቀሉ፣ ሞተሩን አስነሡና ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ይህን ሳታደርጉ ከፈታችሁ ቤንዚን ፊታችሁ ላይ ይረጫል። መስመሩን ስታነሡ ትንሽ መፍሰሱ ስለማይቀር ጨርቅ ከሥሩ አንጥፉ። የኦሪንግ ጎማዎቹን አዲስ አድርጉ፣ በጥቂት ንጹሕ የሞተር ዘይት አርጥባችሁ አስገቡ። የደረቀ ጎማ ሲገባ ይጠቀለላል፣ ይቆረጣል፣ በጋለ ሞተር ላይም ቤንዚን ያንጠባጥባል። ስትጨርሱ የነቀላችሁትን ፊውዝ ወይም ሪሌና የባትሪውን ኔጋቲቭ መልሱ። ከማስነሣት በፊት ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ኦን ላይ አድርጉ፤ ፓምፑ በዚያ የሚሠራ ከሆነ መስመሩን ይሞላል፣ ካልሆነ ሲነሣ ይሞላዋል። ወርዳችሁም፣ ከተነሣም በኋላ ደግማችሁ፣ በእጅ ባትሪ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ እዩ፣ አሽትቱ።

በዚህ ደረጃ እጃችሁ ካልደፈረ ለባለሙያ ስጡት። ግን ሄዳችሁ "ኮይልና ካንዴላ አዛውሬያለሁ፣ ኮዱ 3 ላይ ቆሟል፣ የ3ኛው ካንዴላ ነጭ ነው፣ ኢንጀክተሮቹ ይለኩልኝ" በሉ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ላይ አራት ኮይል መሸጥ ይከብዳል።

9. ሦስቱም ነጻ ከሆኑ ኮምፕሬሽን አስለኩ። የተቃጠለ ወይም የማይዘጋ ቫልቭ፣ ያለቀ ቀለበት፣ የለቀቀ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሁሉም ሚስፋየር ኮድ ያወጣሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቷል፣ የኮምፕሬሽን መለኪያውም መጽሐፉ ከሚለው ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ አትደንግጡ። የምትፈልጉት ከሌሎቹ ተለይቶ የወደቀውን አንዱን ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው

ትልቁ ስሕተት ኮይሉንና ካንዴላውን በአንድ ጊዜ ማዛወር ነው። ኮዱ ሲከተላችሁ ማንን እንደተከተለ አታውቁም። አንድ ነገር ብቻ፣ ከዚያ ንዱ፣ ከዚያ አንብቡ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ርካሽ ካንዴላ ነው። በታወቀ ስም የታሸገ አስመሳይ ገበያው ላይ ሞልቷል። አራት አዲስ ካንዴላ ስትገዙ ክፍተታቸውን እዚያው ለኩ፤ አራቱ አራት ዓይነት ካነበቡ መልሱላቸው። አዲስ ነው ማለት ደህና ነው ማለት ስላልሆነ፣ ትናንት የገባ ካንዴላም ከፈተናው ነጻ አይደለም።

ኮዱን አጥፍቶ ሳያሞቁ "አልተመለሰም" ማለት፣ የኮይሉን 10 ቁጥር ብሎን ሳይመልሱ መተው (ኮይሉ እየዘለለ ሶኬቱን ይበላል)፣ የኢንጀክተር ማጽጃ ታንክ ውስጥ ጨምሮ የሞተ ኢንጀክተር ይነሣል ብሎ መጠበቅ፣ እነዚህም አሉ። ማጽጃው ትንሽ ለቆሸሸ ሊረዳ ይችላል፤ ሽቦው ለተቆረጠ ምንም አያደርግለትም።

ጥያቄ የምትልኩልኝ ከሆነ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት፣ የኮዶቹን ፎቶ፣ ምን ከየት ወደየት እንዳዛወራችሁና ከዚያ በኋላ ፔንዲንግ ውስጥ ምን እንዳያችሁ አብራችሁ ላኩ። የአራቱም ካንዴላ ፎቶ በአንድ ጨርቅ ላይ ከሆነ ደግሞ በጣም ይረዳኛል።